ፊት ሰም ሲመስል፦ የጨለማ ቪዲዮን ኖይዝ የማጽዳት ችግርና መፍትሄ

ደሴ ላይ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት እያደረግሁ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ከሁሉም በላይ ደጋግሞ የሚመጣልኝ ብልሽት አንድ ነው። ቪዲዮው ምሽት ላይ ተቀርጿል፤ ኖይዙ፣ ማለትም በጨለማ ምስሉ ላይ የሚወጣው ነጠብጣብ፣ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል። አንድ ሰው ሊያጸዳው ሞክሮ ኖይዙን አጥፍቶታል፤ ግን ፊቱንም አብሮ አጥፍቶታል። ቆዳው ሰም የተቀባ ይመስላል፣ ሹሩባው አንድ ላይ ተጣብቋል፣ የቀሚሱ ጥለት ደብዝዟል።

ሌንስ መጥረግን፣ ትክክለኛ ነጭ ሚዛን መምረጥን፣ ዋናውን ፋይል ኮፒ አድርጎ ማስቀመጥን ታውቃላችሁ ብዬ አልፌዋለሁ።

ምልክት፦ ኖይዙ ጠፍቷል፣ ፊቱ ግን ሰም ሆኗል

ኮምቦልቻ ላይ የተቀረጸ አንድ ቅልቅል ልንገራችሁ። ግቢ ውስጥ ድንኳን ተጥሏል። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ተነሳ፤ ለድንኳኑ ሁሉ የደረሱት ሁለት ቢጫ አምፖሎች ብቻ ናቸው። ካሜራማኑ አማራጭ ስላልነበረው አይኤስኦውን 12800 አድርጎ ቀረጸ። በዚህ አልወቅሰውም። ችግሩ የመጣው ኤዲት ላይ ነው።

ቤተሰቡ የተረከበውን ቪዲዮ ይዘው እኔ ጋ መጡ። የሙሽራዋ አያት አብረው ነበሩ። ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት አላቸው፤ አንገታቸው ላይም በረድፍ የወረደ ንቅሳት አለ። ስክሪኑን ጠጋ ብለው አዩና «ልጄ፣ ይቺ እኔ ነኝ? ንቅሳቴስ የት ሄደ?» አሉኝ። እውነትም አልነበረም። አንገታቸው እንደ ተወለወለ ሸክላ ለስልሶ ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት ቪዲዮ እንዴት እንደሚቀመጥ ማወቅ ያስፈልጋል። ካሜራው ምስሉን በሁለት ክፍል ይይዛል። አንዱ ሉማ ነው፤ ይህ የብርሃኑ መጠን ነው። ሌላው ክሮማ ነው፤ ይህ ቀለሙ ነው። አብዛኞቹ የሰርግ ካሜራዎችና ስልኮች የሚቀርጹት 4:2:0 በሚባለው መንገድ ስለሆነ ለአራት ፒክሰል አንድ የቀለም መረጃ ብቻ ይይዛሉ። ስለዚህ ቀለሙ ከመጀመሪያውም ደብዛዛ ነው። መጨማደድ፣ ንቅሳት፣ የጥለት ክር፣ የጢም ፀጉር፣ ይህ ሁሉ ያለው ሉማ ውስጥ ነው።

አሁን ኖይዙን ተመልከቱት። በቢጫ አምፖል ስር ሰማያዊ ብርሃን በጣም ትንሽ ነው። ካሜራው ነጩን ነጭ ለማስመሰል ሰማያዊውን ከፍ ያደርገዋል፤ ኖይዙም አብሮ ይጮኻል። ዓይን የሚረብሸው ያ ሐምራዊና አረንጓዴ ነጠብጣብ በብዛት የሚመጣው ከዚህ ነው። በተለመደው የኤችዲ ስሌት፣ ሬክ 709 በሚባለው፣ ሰማያዊ ለሉማ የሚያዋጣው 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ አስቀያሚው ኖይዝ በአብዛኛው ክሮማ ውስጥ ይቀመጣል። ክሮማውን ጠንከር አድርጋችሁ ብታጸዱት ፊቱ ብዙም አይጎዳም። ሉማውን በዚያው ጉልበት ከነካችሁት ግን ንቅሳቱ ይሄዳል።

የመጀመሪያው ኤዲተር ያደረገውም ይህንን ነው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባለው የኤዲት ፕሮግራም ውስጥ ሉማና ክሮማ ሲከፈቱ በሰንሰለት ምልክት ተያይዘዋል። ሰንሰለቱን ሳይፈታ ቀለሙ እስኪጸዳ ድረስ ጎተተው፤ ሉማውም እኩል ተጎተተ። እባካችሁ ያንን ሰንሰለት ፍቱት! ከምታጠፉት ፊት ግማሹ የሚድነው በዚህች አንድ ክሊክ ነው።

ሁለተኛው ስህተቱ ከስፔሻል መጀመሩ ነው። ስፔሻል የሚባለው ማጽጃ የሚያየው አንድ ፍሬም ብቻ ነው። አንድ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ሲያይ የቆዳ ቀዳዳ ይሁን ኖይዝ መለየት አይችልም፤ ሁለቱንም ይለሰልሳል። ጨለማ ውስጥ ያለ ፊት ላይ ደግሞ የቆዳው ዝርዝርና ኖይዙ ጥንካሬያቸው ተቀራራቢ ነው። ቴምፖራል የሚባለው ግን ተከታታይ ፍሬሞችን ያነጻጽራል። መጨማደዱ በየፍሬሙ እዚያው ነው፤ ኖይዙ ግን ይዘላል። አራት ፍሬም ሲደባለቅ ኖይዙ በግማሽ ይቀንሳል፤ ዘጠኝ ሲሆን ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ ዝርዝሩ ግን ይቆያል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከቴምፖራል ጀምሩ። ስፔሻል የሚመጣው ለተረፈው ብቻ ነው።

መፍትሄው፣ በዚያው የኮምቦልቻ ቪዲዮ

ሪዞልቭ ያላችሁ የሚከፈልበት Studio ያስፈልጋችኋል፤ ነፃው ላይ ማጽጃው አይሠራም። ማጽጃውን ከቀለም ሥራው በፊት፣ የመጀመሪያው ኖድ ላይ አደረግሁት። Temporal NR ላይ Frames 3፣ የእንቅስቃሴ ግምቱን Better አልኩት። ሰንሰለቱን ፈታሁ። ክሮማውን 20፣ ሉማውን 6 ላይ አቆምኩ። ከዚያ Spatial NR ላይ ሰንሰለቱን እንደገና ፈትቼ ክሮማውን 12 አደረግሁ፤ ሉማውን ዜሮ ላይ ተውኩት። ቁጥሮቹ የዚያ ቪዲዮ ናቸው፤ እንዳለ አትቅዱ። መቅዳት ያለባችሁ በክሮማና በሉማ መካከል ያለውን ርቀት ነው።

ሪዞልቭ ለሌላችሁ ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራ ፕሮግራም ነፃ ነው፤ እንዲህ ይሠራል፦

```
ffmpeg -i in.mp4 -vf "hqdn3d=1:6:3:9" -c:v libx264 -crf 14 -c:a copy clean.mp4
```

አራቱ ቁጥሮች በቅደም ተከተል የሉማ ስፔሻል፣ የክሮማ ስፔሻል፣ የሉማ ቴምፖራል፣ የክሮማ ቴምፖራል ናቸው። ቁጥር ሳትጽፉ `hqdn3d` ብቻ ካላችሁት የመጀመሪያው 4 ይሆናል። ሰም የሚያመጣው ያ ነው። ይህ ማጽጃ እንቅስቃሴን አይከተልም፤ ስለዚህ እስክስታ ላይ ሦስተኛውን ቁጥር ወደ 1 ወይም 2 አውርዱት።

አሁን ፈተናው። ዓይናችሁን ብቻ አትመኑ፤ ከአንድ ሰዓት ኤዲት በኋላ ዓይን ሰምን ይለምዳል። ያወጣችሁትን ነገር ራሱን እዩት፦

```
ffmpeg -i in.mp4 -i clean.mp4 -filter_complex "[0:v][1:v]blend=all_mode=grainextract" -an diff.mp4
```

ይህ ከዋናው ላይ የጸዳውን ቀንሶ የተወሰደውን ብቻ በግራጫ ላይ ያሳያል። የምታዩት እኩል የተበተነ ብናኝ ከሆነ የወሰዳችሁት ኖይዝ ነው። የዓይን ቅንድብ፣ የአፍንጫ መስመር፣ የጥለት ጠርዝ ከታየ ዝርዝር ወስዳችኋል፤ ሉማውን ቀንሱ። የመጀመሪያውን ኤዲተር ሥራ በዚህ ስፈትነው ግራጫው ላይ የእማማ የግንባር መስቀል ቁልጭ ብሎ ወጣ። የአንገታቸው ረድፍም አንድ በአንድ ይታይ ነበር። ከፊታቸው ተነቅሎ የተጣለው እዚያ ነበር። በእኔው ሥራ ላይ የመጀመሪያ ሙከራዬም ቅንድባቸውን አሳይቶኛል፤ ሉማውን ከ10 ወደ 6 ያወረድኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሉማ ውስጥ ትንሽ ኖይዝ ይቀራል። ተዉት። ቀለም አልባ ስስ ብናኝ ማንንም አይረብሽም። እንዲያውም በመጨረሻ፣ ከቀለም ሥራና ከሻርፕን በኋላ፣ እኔ ትንሽ ግሬይን እጨምራለሁ፦

```
-vf "noise=c0s=4:c0f=t"
```

`c0` ማለት ሉማውን ብቻ ንካ ማለት ነው፤ `t` በየፍሬሙ ይለዋወጥ ማለት ነው። የለሰለሰው ቦታና ያልለሰለሰው ቦታ ይመሳሰላሉ፤ የድንኳኑ ጥቁር ግድግዳም በቀለበት በቀለበት አይከፋፈልም።

ሻርፕን ከማጽዳቱ በፊት ፈጽሞ አታድርጉ። ኖይዙን እንደ አሸዋ ያጠነክረዋል፤ ከዚያ በኋላ ለማውጣት ሉማውን መጉዳት ግድ ይሆናል።

ምልክት፦ ኖይዙ በትንንሽ ካሬ ይንቀሳቀሳል

ይህ ኖይዝ አይደለም። የተጨመቀ ፋይል ነው። ሰዎች ከሰኞ ገበያ ማዶ ሆነው የሰርግ ቪዲዮ በቴሌግራም እንደ ተራ ቪዲዮ ይልኩልኛል፤ ከዚያ «ለምን አይጸዳም?» ይሉኛል። ቴሌግራም ሲልከው ጨምቆታል። ኖይዙ ከዝርዝሩ ጋር በካሬ ተፈጭቷል፤ ማጽጃ ሊለየው አይችልም። በፋይል መልክ ላኩ፤ ከዚያ የተሻለው ካርዱን ራሱን ማምጣት ነው። ካርዱን ፎርማት አድርገውት የሚመጡ አሉ፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ያ ምሽት አይደገምም። ሥራው ተረክቦ እስኪታይ ድረስ ካርድ አታጥፉ።

ምልክት፦ ከመጀመሪያውም ሰም ነው

ስልኩ የውበት ማጣሪያው በርቶ ነበር፣ ወይም ካሜራው ውስጥ ያለው የከፍተኛ አይኤስኦ ማጽጃ ጫፍ ላይ ነበር። ያልተቀረጸ ዝርዝር አይመለስም። ከላይ ያልኩትን ስስ ግሬይን ጨምሩና ተዉት። ለሚቀጥለው ግን ካሜራው ላይ ያለውን ማጽጃ ወደ ዝቅተኛው አውርዱት።

ምልክት፦ የሚጨፍር እጅ ጥላ ይከተለዋል

ቴምፖራል ሉማው በዝቷል። ጭፈራውን ለብቻው ቆርጣችሁ ዝቅ አድርጉት፤ የተቀመጡ ሰዎች ላይ ያለውን አትንኩት።

ምልክት፦ ቴምፖራል ምንም አይሠራም፣ ምስሉ ይርገበገባል

የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ሸተሩ 1/60 ላይ ከነበረ ብርሃኑ ከፍሬም ፍሬም ሊለያይ ይችላል፤ ማጽጃውም ልዩነቱን እንቅስቃሴ ነው ብሎ ይተወዋል። መጀመሪያ መርገብገቡን አጥፉ፣ ከዚያ አጽዱ። ሲቀረጽ 1/50 ይሁን።

ምልክት፦ አንድ ቦታ የማይንቀሳቀስ ነጭ ነጥብ

የሞቀ ፒክሰል ነው። ቴምፖራል አይነካውም፤ በእጅ ሸፍኑት።

ምልክት፦ ኤዲት ላይ ጥሩ ነበር፣ ፍላሽ ላይ ሰም ሆነ

ሪንደሩ ነው። ቢትሬት ሲያንስ ኢንኮደሩ መጀመሪያ የሚጥለው ስስ ዝርዝርን ነው፤ እናንተ የተጠነቀቃችሁለትን ቆዳ እሱ ያለሰልሰዋል። የሁለት ሰዓት ሰርግ በትንሽ ፍላሽ ለማስገባት በ4 ሜጋቢት የሚያወጡ አሉ። ትልቅ ፍላሽ ግዙ። የኮምቦልቻውን በ1080፣ በ22 ሜጋቢት አወጣሁት። የሁለት ሰዓቱ ፋይል ወደ 20 ጊጋባይት መጣ፤ ለፍላሹ 32 ጊጋ በቃው። ከማስረከቤ በፊት ቤታቸው ሄጄ ቲቪያቸው ላይ ሰካሁት። እማማ ተነስተው ቲቪው አጠገብ ቆሙና የአንገታቸውን ረድፍ በጣታቸው እየተከተሉ ቆጠሩ።