ፕሮፖዛሉን አንብቦ ዝም ላለ ደንበኛ

ደንበኛው ፕሮፖዛላችሁን አንብቦ ሳምንት ሙሉ ዝም ካለ፣ «ፕሮፖዛሉን አዩት ወይ?» ብላችሁ አትጻፉ። ማየቱን ታውቃላችሁ፤ ጥያቄው ወቀሳ ይመስለውና ጭራሽ ይሸሻል። ኢሜይሉ መከፈቱን በመከታተያ ብታውቁም አታንሱበት፣ የምትሰልሉት ይመስለዋል።

ብዙ ጊዜ የሚይዘው አንድ ነገር ነው፦ ወይ ዋጋው፣ ወይ ጊዜው፣ ወይ የአለቃው ፈቃድ። ከንግግራችሁ ተነስታችሁ አንዱን ገምቱና በአንድ ቃል የሚመለስ ጥያቄ ጠይቁ። አዲስ ኢሜይል አትጀምሩ፤ ፋይሉን ፍለጋ እንዳይገባ በዚያው በላካችሁበት ላይ ቀጥሉ። ለምሳሌ ለድረ ገጽ ሥራ፣ ዋጋው የከበደው ለመሰለኝ ደንበኛ እንዲህ እጽፋለሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ሥራውን በሁለት ዙር ልንሠራው እንችላለን፤ መጀመሪያ የምርት ገጾቹን፣ ቀጥሎ የኦንላይን ክፍያውን። የመጀመሪያውን ዙር ዋጋ ብቻ ለይቼ ልላክልዎ? አሁን ጊዜው ካልሆነም ይንገሩኝ፣ ምንም አይደል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትተዋት። እምቢ ማለት የከበደው ሰው መልስ የሚጽፈው በእሷ ምክንያት ነው። ዋጋውን ግን ሳትጠየቁ አትቀንሱ፤ እዚህ ያነሰው ሥራው ነው። ያኔ የመጀመሪያው ዋጋ የተጋነነ ነበር ብሎ አይጠረጥርም።