መስኮቱ ሳይነጣ፣ ክፍሉም ሳይደበዝዝ፦ ስስ መጋረጃ ያለበትን ክፍል ፎቶ ማንሳት

ስስ መጋረጃ ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ መብራት ይሆናል። ካሜራው ክፍሉን ለማሳየት ሲሞክር መስኮቱ ነጭ ብቻ ሆኖ የሚቀረው ለዚህ ነው። ያንን ለማስተካከል ብለው ጥላውን በሙሉ ካበሩት ደግሞ ክፍሉ ጠፍጣፋ ይመስላል። ስለዚህ ክፍሉ ከመስኮቱ ጨለም ብሎ ይቅር።

በመጀመሪያ ፀሐይ በቀጥታ መጋረጃው ላይ የማታርፍበትን ሰዓት ይምረጡ። የክፍሉን አምፖሎች ያጥፉ። አምፖል ጥላውን ይሞላዋል፤ ቢጫ ቀለሙም ከቀን ብርሃን ጋር አይስማማም። መጋረጃውን ወጥረው አይዝጉት፤ እጥፋቶቹ ይታዩ።

ቀጥሎ የሚቆሙበትን ቦታ ይፈልጉ። እዚህ ላይ አይቸኩሉ። መስኮቱን ከጀርባዎ ካደረጉ ብርሃኑ ዕቃዎቹን ከፊት ለፊት ስለሚመታ ቅርጻቸው ይጠፋል። መስኮቱ በጎን በኩል ይሁን። ግድግዳው ወፍራም ከሆነ ደግሞ በሰያፍ ቆመው በግድግዳው ውፍረት ውስጥ ካሉት ሁለት የመስኮቱ ጎኖች ራቅ ያለው ወደ እርስዎ እንዲታይ ያድርጉ። ይህ ጎን ከመጋረጃው አጠገብ ደማቅ ነው፤ ወደ ክፍሉ ሲመጣ ቀስ እያለ ይጨልማል። ለክፍሉ ጥልቀት የሚሰጠው ይህ ሽግግር ነው። መጋረጃው ግን ከመስታወቱ አጠገብ መሰቀል አለበት። በክፍሉ በኩል፣ ግድግዳው ፊት ላይ ከተሰቀለ ያን ጎን ይሸፍነዋል።

አሁን ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርገው f/8 እና ISO 100 ላይ ያስተካክሉ። አንድ ትንሽ ቦታ ብቻ በሚለካው ስፖት ሜትሪንግ መጋረጃውን ይለኩ። 1/60 ሰከንድ አሳየ እንበል። ካሜራው የሚለካውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ስለሚያደርግ በዚህ ቢያነሱ መጋረጃው ግራጫ ይሆናል። ሁለት ስቶፕ፣ ማለትም ብርሃኑን ሁለት ጊዜ በእጥፍ ጨምረው 1/15 ላይ ያንሱ፤ ጨርቁ ብሩህ ሆኖ እጥፋቱ ይታያል። ካሜራዎ የነጣውን ቦታ በብልጭታ የሚያሳይ ከሆነ ያብሩት። ጨርቁ በሰፊው ብልጭ ካለ ትንሽ ይቀንሱ።

ከዚያ የውስጡን ግድግዳ ሲለኩ 1 ሰከንድ ቢያሳይ በዚያ አያንሱ። ግድግዳው መካከለኛ ግራጫ ይሆንና የጥላው ስሜት ይጠፋል። ሁለተኛውን ፎቶ በ1/4 ሰከንድ ያንሱ። ግድግዳው ሁለት ስቶፕ ጨለም ይላል፤ ዝርዝሩ ግን አይጠፋም።

በመጨረሻ ሁለቱን በፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም በሁለት ሌየር ደራርበው መስኮቱን ከ1/15፣ የቀረውን ከ1/4 ይውሰዱ። የትኛው ፎቶ የት እንደሚታይ የሚወስነውን ማስክ በለስላሳ ብሩሽ ይቀቡ፤ ሽግግሩ የመስኮቱ ጎን ላይ ይረፍ። ፎቶዎቹን በራሱ የሚያዋህደውን አውቶማቲክ ኤችዲአር እኔ አልመክርም፤ ብዙ ጊዜ ጥላውንም ብርሃኑንም ያቀራርብና ወደ ጠፍጣፋው ክፍል ይመልስዎታል። ከመስኮቱ የራቀው ጥግ መስኮቱ አጠገብ ካለው ወለል እኩል ከደመቀ ሁለተኛውን ፎቶ ከልክ በላይ አብርተውታል ማለት ነው።

ነፋስ ካለ መስኮቱን ይዝጉ። መጋረጃው በሁለቱ ፎቶዎች መሃል ከተንቀሳቀሰ ጠርዙ ላይ ድርብ ምስል ይቀራል።