ከዚንክ፣ ከመዳብና ከጨው ድልድይ የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚሰጥ ጋልቫኒክ ሴል እንዴት ይሠራል?

ሰማያዊ በሆነ የመዳብ ሰልፌት ውሃ ውስጥ የዚንክ ቁራጭ ሲነከር፣ ብዙም ሳይቆይ የዚንኩ ገጽ ጥቁር ቡናማ በሆነ የመዳብ ብናኝ ይሸፈናል፤ የውሃውም ሰማያዊነት ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። እያንዳንዱ የዚንክ አቶም ሁለት ኤሌክትሮን ለመዳብ አዮን አስረክቦ ራሱ አዮን ሆኖ ወደ ውሃው ገብቷል፤ ኤሌክትሮኖቹን የተቀበለው የመዳብ አዮንም መዳብ ሆኖ ተቀምጧል። ርክክቡ እዚያው በዚንኩ ገጽ ላይ ስለተፈጸመ ግን ጉልበቱ ሙቀት ሆኖ ይባክናል እንጂ ለሥራ አይውልም። ጋልቫኒክ ሴል የሚባለው ሰጪውንና ተቀባዩን በሁለት ብርጭቆ ለይቶ፣ ኤሌክትሮኖቹ በሽቦ ዞረው እንዲያልፉ የሚያስገድድ ዝግጅት ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ኬሚስትሪ ሳስተምር እንዳየሁት፣ ተማሪዎች ሽቦውን ቶሎ ይረዱታል፤ የሚያስቸግራቸው በሁለቱ ብርጭቆዎች መካከል ያለው የጨው ድልድይ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ከሌላው ይልቅ ድልድዩ ላይ እቆያለሁ።

በመጀመሪያ ውሃውን ይምረጡ። የድሬዳዋ የቧንቧ ውሃ በማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚያስቀር ውሃ ነው። የመዳብ ሰልፌት ሲጨመርበት ውሃው ውስጥ ካለው ካርቦኔት ጋር ተዋህዶ ፈዛዛ አረንጓዴ ሰማያዊ ዝቃጭ ይፈጥራል፤ ፈሳሹም ይደፈርሳል። ስለዚህ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ይጠቀሙ። በአንዱ ብርጭቆ 12.5 ግራም ሰማያዊ የመዳብ ሰልፌት፣ በሌላው 14.4 ግራም የዚንክ ሰልፌት ያድርጉና እያንዳንዱን እስከ 100 ሚሊ ሊትር ድረስ ውሃ ሞልተው ያሟሙ። በዚህ መጠን የሁለቱ ፈሳሾች የአዮን ክምችት እኩል ይሆናል። የመዳብ ሰልፌት መርዝ ስለሆነ ብርጭቆዎቹ ከዚያ በኋላ ለመጠጥ አይውሉም፤ እጅም በሳሙና መታጠብ አለበት።

ለመዳቡ ልባሱ የተላጠ ወፍራም የኤሌክትሪክ ሽቦ ይበቃል። ለዚንኩ ከቤተ ሙከራ የሚገኝ ዝርግ ዚንክ ይመረጣል። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ዚንክ ቢቀባም ቅቡ ስስ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፤ ከሥሩ ያለው ብረት ሲወጣም ቮልቴጁ ይወርዳል። ሁለቱንም በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበሩ ይፈግፍጉ፤ ከዚያም ዚንኩን በዚንክ ሰልፌቱ፣ መዳቡን በመዳብ ሰልፌቱ ውስጥ ያቁሙ። የመልቲሜትሩን ቀይ ጫፍ ከመዳቡ፣ ጥቁሩን ከዚንኩ ጋር ያገናኙ። ድልድዩ ገና ስላልተቀመጠ በዚህ ጊዜ የሚታየው ቁጥር የሚዋልል፣ ትርጉም የሌለው ይሆናል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ዚንክ ኤሌክትሮን በሽቦው ሲልክ በእሱ ብርጭቆ ውስጥ ፖዘቲቭ የሆነው የዚንክ አዮን ይበዛል። በመዳቡ ብርጭቆ ደግሞ የመዳብ አዮኖች መዳብ እየሆኑ ሲቀመጡ፣ ጥንዳቸው የነበረው ኔጋቲቭ ሰልፌት ብቻውን ይቀራል። በዓይን ሊታይ በማይችል ቅጽበት አንዱ ብርጭቆ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ ይሆንና ቀጣዮቹ ኤሌክትሮኖች ከዚንኩ እንዳይወጡ፣ ወደ መዳቡም እንዳይደርሱ ይከለክላል። የጨው ድልድይ ይህን መዛባት የሚያስተካክል የአዮን መተላለፊያ ነው፤ በውስጡ ኤሌክትሮን አያልፍም። 10 ግራም ፖታሲየም ናይትሬት በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ያሟሙ፤ ጣት የሚያህል ስፋት ያለው የማጣሪያ ወረቀት በውስጡ ነክረው ሁለቱ ጫፎች በሁለቱ ፈሳሾች ውስጥ እንዲጠልቁ አድርገው ያስቀምጡ። ከዚያ በኋላ ናይትሬቱ ወደ ዚንኩ ብርጭቆ፣ ፖታሲየሙ ወደ መዳቡ ብርጭቆ ይጓዛል፤ ሂሳቡም በሁለቱም በኩል ይካካሳል። ፖታሲየም ናይትሬት የተመረጠው ከዚንክም ከመዳብም ጋር ዝቃጭ ስለማይፈጥር ነው።

መልቲሜትሩ አሁን ወደ 1.1 ቮልት መጠጋት አለበት። ይህ ቁጥር ከሁለቱ ጥንዶች፣ ማለትም ከመዳብና ከአዮኑ፣ ከዚንክና ከአዮኑ የሚመጣ ነው፤ በመደበኛ ሁኔታ የመዳብ ኤሌክትሮን የመሳብ አቅም 0.34፣ የዚንክ ደግሞ ከዜሮ በታች 0.76 ቮልት ስለሆነ ልዩነታቸው 1.10 ይሆናል። ቁጥሩ የቅነሳ ምልክት ይዞ ከታየ ጫፎቹ ተለዋውጠዋል ማለት ነው። ብርጭቆውን ወይም ዚንኩን ማተለቅ ቮልቴጁን አይለውጠውም።

ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ ሥራው የተሳካ ይመስለዋል፤ እኔ ግን ፈተናው የሚጀምረው ከዚህ ነው እላለሁ። መልቲሜትር ቮልት ሲለካ የሚስበው ፍሰት እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ግማሽ የደረቀ ድልድይም ቢሆን 1.1 ቮልት ገደማ ያሳየዋል። የድልድዩን ጤና ለማወቅ ሴሉን ማሠራት ያስፈልጋል፤ ለዚህም 100 ኦም የሆነ ሬዚስተር በሁለቱ መካከል ያገናኙና በሬዚስተሩ ላይ ያለውን ቮልት ይለኩ። ለምሳሌ ባዶውን 1.08 ቮልት የነበረው ሴል ሬዚስተሩ ሲገናኝ 0.30 ቮልት ላይ ቢቆም፣ የሚያልፈው ፍሰት 0.30 ለ100 ሲካፈል 3 ሚሊአምፔር ነው። የጎደለው 0.78 ቮልት በሴሉ ውስጥ የቀረ ሲሆን፣ ለ3 ሚሊአምፔር ሲካፈል 260 ኦም የውስጥ ተቃውሞ ይሰጣል። አብዛኛው የቀጭኑ እርጥብ ወረቀት ተቃውሞ ነው። ወረቀቱን ደርበው በእጥፍ ቢያወፍሩት ተቃውሞው ወደ ግማሽ ይጠጋል፤ ፍሰቱም ወደ 4.7 ሚሊአምፔር ያድጋል። ሁለቱን ብርጭቆዎች ማቀራረብም እንዲሁ ይረዳል።

በከተማችን የቀትር ሙቀት፣ በተለይም መስኮት ተከፍቶ ነፋስ ሲገባ፣ ከብርጭቆዎቹ አፍ በላይ የተጋለጠው የወረቀት ክፍል ቶሎ ይደርቃል። ይህ ሲሆን በሬዚስተሩ ላይ ያለው ቮልት ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ሬዚስተሩ ሲነሳ ግን ባዶው ቮልት እንደ ቀድሞው 1.1 ገደማ ይሆናል። እነዚህ ሁለት ምልክቶች አብረው ከታዩ ጥፋቱ የድልድዩ ነው፤ ጥቂት የፖታሲየም ናይትሬት ውሃ በወረቀቱ ላይ ማንጠባጠብ ይበቃል። ባዶው ቮልትም አብሮ ከወረደ ግን ዚንኩን አውጥተው ይመልከቱ። ጥቁር ቡናማ ሽፋን ካለበት የመዳብ አዮን በድልድዩ በኩል ተሻግሮ ደርሶበታል፤ በመጀመሪያው አንቀጽ የገለጽኩት ርክክብ በቀጥታ እየተፈጸመ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሥራ ሲያበቃ ድልድዩን አንስተው ይጣሉ፤ በብርጭቆዎቹ ላይ ተጋድሞ አይደር።

ዚንኩ መሟሟቱን በሚዛን ማየት የሚፈልግ አንባቢ ትዕግሥት ያስፈልገዋል። 3 ሚሊአምፔር ለአንድ ሰዓት ቢፈስ የሚሟሟው ዚንክ 3.7 ሚሊግራም ያህል፣ የሚቀመጠውም መዳብ 3.6 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። የግራም መቶኛን የሚያነብ የትምህርት ቤት ሚዛን ይህን አይለየውም፤ አሥር ሰዓት ያህል ድልድዩን እያራሱ ቢያቆዩት ግን 37 ሚሊግራም ያህል ስለሚጎድል ልዩነቱ ይነበባል። ከመመዘኑ በፊት ዚንኩ ታጥቦ መድረቅ አለበት።

ቀይ ኤልኢዲ ለማብራት አንድ ሴል አይበቃም፤ 1.8 ቮልት ገደማ ይፈልጋልና። ሁለተኛ ሴል ሠርተው የአንደኛውን መዳብ ከሁለተኛው ዚንክ ጋር በሽቦ ያያይዙ፤ የኤልኢዲውን ረጅም እግር ነፃ ከቀረው መዳብ፣ አጭሩን ነፃ ከቀረው ዚንክ ጋር ያገናኙ። ከ2.1 ቮልት በላይ ቢገኝም የድልድዮቹ ተቃውሞ ፍሰቱን ስለሚገታው ብርሃኑ ደካማ ነው፤ የሁለቱንም ሴሎች ወረቀት ደርበው መጋረጃውን ዝቅ ካደረጉ ግን በግልጽ ይታያል።