አይረን እየዋጥሽ ደምሽ አልጨምር ካለ፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ ክትትል ክፍል ነው የምሰራው። ሰሞኑን አንዲት የ6 ወር እርጉዝ መጥታ ደሟን ስናየው ሄሞግሎቢኗ 9.1 ሆነ። ከወር በፊትም 9 ነበር፣ ኪኒኑም ተሰጥቷት ነበር። "ሲስተር ሙች አንድ ቀን አልዘለልኩም፣ እንዳልረሳው ብዬ ከቡናዬ ጋር ነው የምውጠው" አለችኝ። ችግሩ እዛው ጋር ነበር፣ ግን መጀመሪያ ምን ሲሰማት እንደነበር ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ እርግዝና ነው ብላችሁ የምታልፉት ነገር ነው።

ምልክት፦ ድካም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ አፈር ማማር

ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነው ቤቷ፣ ድሮ አንድ ትንፋሽ የምትወጣውን ደረጃ አሁን ሁለት ቦታ ቆማ ነው የምትጨርሰው፣ ልቧ ድው ድው ይላል፣ ከተቀመጠችበት ስትነሳ ዓይኗ ይጨልማል፣ ራሷን ያማታል። ከዛ ድምጿን ቀነስ አድርጋ "አትቆጪኝና ደግሞ አፈር ያምረኛል" አለች። ከቦርሳዋ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አወጣች፣ ከእናቷ ቤት ግድግዳ የፈቀፈቀችው ጭቃ ነው። ይሄ የሚያሳፍር አይደለም፣ አፈር፣ ከሰል ወይ በረዶ የማማር ነገር አይረን ያነሳቸው ሰዎች ላይ በደንብ የሚታወቅ ምልክት ነው። ግን አፈሩ አይረን አይሰጥሽም፣ እንዲያውም የምግቡን አይረን ይይዝብሻል፣ የወስፋት እንቁላልም ሊኖርበት ይችላል።

ድካም ብቻውን ግን የደም ማነስ ነው ማለት አይደለም፣ እርግዝና ራሱ ያደክማል። የሚለየው ምርመራው ነው። በመጀመሪያዎቹና በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ሄሞግሎቢን ከ11 በታች፣ በመሃሉ ደግሞ ከ10.5 በታች ከሆነ የደም ማነስ ነው እንላለን። (የመሃሉ ቁጥር ዝቅ ያለው ለምን እንደሆነ አሁን ታይዋለሽ።)

ምክንያት፦ ደሙ ይቀጥናል፣ ልጁ ደግሞ ይወስዳል

ስታረግዢ የደምሽ ፈሳሹ ክፍል ወደ ግማሽ ያህል ይጨምራል፣ ቀዩ ሴል ግን እንደዛ አይጨምርም፣ ስለዚህ ወጥ ላይ ውሃ እንደጨመርሽበት ደሙ ይቀጥናል። ይሄ ትንሽ መውረድ የጤና ነው፣ በተለይ መሃል ላይ። ችግር የሚሆነው አዲሱን ቀይ ሴል የምትሰሪበት አይረን ሲያልቅ ነው። ለአንድ እርግዝና በጠቅላላው ወደ 1000 ሚሊግራም አይረን ያስፈልጋል፣ ለአንቺ ተጨማሪ ደም፣ ለልጁና ለእንግዴ ልጁ፣ ልጁ ደግሞ አብዛኛውን የሚሰበስበው በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ነው። ብዙ ሴት እርግዝናውን የምትጀምረው በወር አበባ የተራቆተ ጎተራ ይዛ ነው። የነገርኩሽ እርጉዝ ደግሞ የመጀመሪያ ልጇ ገና 1 ዓመት ከ8 ወሩ ነው፣ ከዛኛው ወሊድ የፈሰሰውን ደም ሳትተካ ነው ሁለተኛው የመጣው።

መፍትሄ አንድ፦ ኪኒኑን ከቡናና ከሻይ አርቂው

ቡናም ሻይም ውስጥ ያለው ነገር አይረኑን አንጀት ውስጥ ይይዘውና እንዳይመጠጥ ያደርገዋል፣ ኪኒኑ ሆድሽ ገብቶ ደምሽ ግን አያገኘውም። ይሄ ለምግቡም ያው ነው፣ ምሳ እንደበላሽ ወዲያው አቦል ከተቀዳልሽ የምስሩ አይረን አብሮ ይሄዳል። ቡና ተይ አላልኩም፣ በእርግዝና መብዛት ባይኖርበትም አንድ ስኒ ትችያለሽ፣ ግን ከምግቡም ከኪኒኑም ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት ይራቅ። ወተት፣ የካልሲየም ኪኒንና የቃር መድሃኒትም እንደዛው፣ ከአይረኑ ጋር አንድ ላይ አይወሰዱም።

ለሷ ያደረግነው ይሄ ነው፦ ኪኒኑን ወደ ማታ አዛወርነው፣ እራት በልታ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይታ ልትተኛ ስትል ሎሚ በተጨመቀበት ውሃ ትውጠዋለች። ሎሚው ለጣዕም አይደለም፣ ቫይታሚን ሲ አይረኑ በደንብ እንዲመጠጥ ያግዛል። መጠኑንም አስተካከልን፣ የተለመደው የክትትል ኪኒን 60 ሚሊግራም አይረንና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ነው፣ ደሟ ላነሰ እናት ግን በቀን 120 ሚሊግራም አይረን ነው የሚታዘዘው። ይሄን ግን የሚወስነው የሚከታተልሽ ባለሙያ ነው፣ በራስሽ አታብዢ።

"ሰገራዬ ጠቆረ፣ ምን ሆንኩ" ብላ የምታቆም ብዙ ናት። ጥቁር ሰገራ ኪኒኑ የሚያመጣው ነው፣ አትደንግጪ። እንደ ሬንጅ የሚጣበቅና በጣም የሚሸት ከሆነ ግን ደም ሊሆን ስለሚችል ታዪ። ካቅለሸለሸሽ ትንሽ ምግብ ቀምሰሽ ውጪው፣ የሚመጠጠው ትንሽ ቢቀንስም ከማቆም በብዙ ይሻላል። ለድርቀቱ ውሃ፣ ፓፓያ፣ ጎመን። እምቢ ካለ ሳትደብቂ ንገሪን፣ ሌላ ዓይነት ኪኒን ሊቀየርልሽ ይችላል።

መፍትሄ ሁለት፦ ምግቡ

"ጤፍ አይረን አለው ይባላል፣ እኔ ደግሞ በየቀኑ እንጀራ ነው የምበላው፣ ታዲያ ደሜ ለምን አነሰ?" ጥያቄው ልክ ነው። ጤፍ ላይ ከሚለካው አይረን የተወሰነው በአውድማ ላይ የሚቀላቀለው አፈር ነው፣ የእህሉን የራሱንም ቢሆን ፋይቴት የሚባል ነገር አጥብቆ ይይዘዋል። በእርሾ በደንብ የቦካ ሊጥ ይሄን ፋይቴት ይቀንሰዋል፣ ስለዚህ ሳይቦካ የተጋገረ ቂጣና በደንብ የቦካ እንጀራ እኩል አይደሉም።

ምስርና ሽሮ ላይ ጥሬ ቃሪያ፣ ቲማቲምና ሎሚ ያለው ሰላጣ አድርጊበት፣ ቃሪያው ሲበስል ቫይታሚኑ ስለሚቀንስ ጥሬውን። ቀይ ስጋ ካገኘሽ ትንሽም ብትሆን ከምስሩ ጋር ብዪው፣ የስጋው አይረን ራሱ በቀላሉ ይመጠጣል የምስሩንም ይጎትታል፣ ግን በደንብ የበሰለ ይሁን፣ ጥሬ ስጋ ለእርጉዝ አይሆንም። ጉበት ደም ይሆናል እያሉ በየቀኑ የሚያበሉ ቤተሰቦች አሉ፣ ቫይታሚን ኤ በጣም ስለሚበዛበት በእርግዝና ተይው። ቀይ ስርም ቀለሙ አታሎን ነው እንጂ አይረኑ ከምስር በጣም ያነሰ ነው፣ ብትወጂው ብዪው፣ ግን ኪኒኑን አይተካም። ጾም ላይ ከሆንሽ ነፍስ አባትሽን ሁኔታሽን ንገሪያቸው። አንዴ ካነሰ በኋላ ግን ምግብ ብቻውን በቀሩት ወራት አይደርስበትም፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ ካልጨመረ

ከ4 ሳምንት በኋላ ተመልሳ ስትመጣ 10.3 ሆነች። ደረጃውን በአንድ ትንፋሽ ወጣሁ ባትልም አፈሩን ትታዋለች። በትክክል ተውጦ በ4 ሳምንት አንድ ያህል እንኳን ካልጨመረ ሌላ ነገር ይፈለጋል፦ መንጠቆ ትል (መድሃኒቱ ከመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በኋላ ይሰጣል)፣ ቆላ ከሆንሽ ወባ፣ የሚደማ ኪንታሮት፣ ወይ ከአይረን ውጪ የሆነ ምክንያት። መውለጃሽ ከደረሰና ደምሽ ገና ዝቅ ያለ ከሆነ በደም ስር የሚሰጥ አይረን አለ። ቁጭ ብለሽ እንኳን ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ራስሽን ከሳትሽ፣ ወይ ሄሞግሎቢንሽ ከ7 በታች ከተባልሽ ለሚቀጥለው ቀጠሮ አትቆዪ፣ በዛው ቀን ሆስፒታል ሂጂ።

ደምሽ ሲስተካከልም ኪኒኑን ወዲያው አታቁሚ፣ ጎተራው እንዲሞላ ወደ 3 ወር ይቀጥላል፣ ከወለድሽም በኋላ። ኪኒኑን ደግሞ ትንሹ ልጅሽ የማይደርስበት ቦታ ቆልፈሽ አስቀምጪው፣ ከረሜላ መስሎት ጥቂት ፍሬ ቢውጥ ለህይወቱ ያሰጋል። የነገርኩሽ እርጉዝ ኪኒኑን አልጋው አጠገብ ነበር የምታስቀምጠው፣ ያን ቀን ማታ ቁምሳጥኑ ላይ አወጣችው።