«88% ትክክል» የሚለው ሞዴል ለምን አይታመንም? የሎጂስቲክ ሪግሬሽን ችግርና መፍትሄ

ደሴ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ የጤና ተማሪዎች የኤስፒኤስኤስ ውጤታቸውን ይዘው ሲመጡ ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት «ሞዴሌ ጥሩ ነው፣ 88 በመቶ ይላል» ብለው ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቀው ባዶው ሞዴል ስንት እንደሚል ነው።

አንድ ምሳሌ እንያዝ፤ ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያዘጋጀኋቸው ናቸው። በደሴ ጤና ጣቢያዎች የወለዱ 400 እናቶች አሉ። ከእነሱ 48ቱ ክብደቱ ከ2,500 ግራም በታች የሆነ ልጅ ወልደዋል፣ 352ቱ ግን መደበኛ ክብደት ያለው። የምንተነብየው ዝቅተኛ ክብደትን ነው።

ምልክት፦ አጠቃላዩ መቶኛ ከፍ ያለ፣ ሴንሲቲቪቲው ግን የወደቀ

ክላሲፊኬሽን ቴብሉ እንዲህ ይላል፦ ከ48ቱ ሞዴሉ የያዘው 4 ብቻ ነው፤ ከ352ቱ ደግሞ 348ቱን በትክክል «መደበኛ» ብሏል። ሴንሲቲቪቲው 8.3%፣ ስፔሲፊሲቲው 98.9% ማለት ነው። ትክክለኞቹ ሲደመሩ 352 ናቸው፤ ለ400 ሲካፈል 88.0%። አሁን ወደ ላይ ተመልሳችሁ `Block 0` የሚለውን እዩት። ምንም ተለዋዋጭ ሳይገባበት ሁሉንም እናት «መደበኛ» ብሎ የፈረደው ባዶ ሞዴልም 88.0% ነው።

ምክንያቱ የመቁረጫ ነጥቡ ነው። ፕሮግራሙ ካልነገሩት በቀር በ0.5 ይቆርጣል። ችግሩ ከመቶ 12 እናቶች ላይ ብቻ ሲታይ ግን የአብዛኞቹ ግምት ከ0.5 በታች ይሆናል። ሞዴሉ ለአንዲት እናት 0.35 ቢሰጣት ከአማካዩ በሦስት እጥፍ ያህል ሰጋላት ማለት ነው፤ ሠንጠረዡ ግን «መደበኛ» ብሎ ያልፋታል።

ስለዚህ ሞዴሉን ከመጣላችሁ በፊት መቁረጫውን ወደ ችግሩ ድርሻ አውርዱና የአር-ኦ-ሲ ኩርባውን አሠሩት፦

```
LOGISTIC REGRESSION VARIABLES lbw
  /METHOD=ENTER age anc muac
  /SAVE=PRED
  /CRITERIA=CUT(.12).
ROC PRE_1 BY lbw (1)
  /PLOT=CURVE(REFERENCE)
  /PRINT=SE COORDINATES.
```

በምሳሌያችን በ0.12 ሲቆረጥ ከ48ቱ 35ቱ ይያዛሉ (72.9%)፣ ከ352ቱ 254ቱ በትክክል ይለቀቃሉ (72.2%)። አጠቃላዩ ወደ 72.3% ወረደ። አማካሪያችሁ «ለምን ቀነሰ?» ማለታቸው አይቀርም፤ መልሱ አጭር ነው፦ 31 ተጨማሪ እናቶችን ለመያዝ 94 ተጨማሪ የሐሰት ማስጠንቀቂያ ከፈልን። አደጋ አለባቸው ከተባሉት 133 እናቶች 35ቱ ብቻ እውነተኛ ናቸው፣ ከአራት አንድ ገደማ። ተከታዩ እርምጃ አንድ ተጨማሪ ምርመራ ብቻ ከሆነ ዋጋው ቀላል ነው። የሚያስከትለው ሪፈር ከሆነ ግን ሌላ ነጥብ ፈልጉ። ይህን የሚወስነው ሥራው ነው እንጂ ፕሮግራሙ አይደለም።

ሌሎች ነጥቦችን በኮርዲኔት ሠንጠረዡ ላይ ስታነጻጽሩ ተጠንቀቁ። ሦስተኛው ዓምድ `1 - Specificity` ነው፤ ስፔሲፊሲቲ መስሏቸው በቀጥታ የሚገለብጡት ብዙ ናቸው።

ከኩርባው በታች ያለው ስፋት በምሳሌያችን 0.78 ነው። 48ቱን ከ352ቱ ጋር አንድ በአንድ ብናጣምር 16,896 ጥንድ ይወጣል። ከእነዚህ ውስጥ በ78 በመቶው ሞዴሉ ከፍ ያለውን ግምት የሰጠው ዝቅተኛ ክብደት ያለው ልጅ ለወለደችው እናት ነው ማለት ነው። መቁረጫው 0.5 ይሁን 0.12 ይህ ቁጥር አይነቃነቅም። ለዚህም ነው የመጀመሪያው ሠንጠረዥ ክፉ ሆኖ ሳለ ሞዴሉ ደህና የሆነው።

ምልክት፦ ስፋቱ 0.22 መጣ

ሞዴሉ ተገልብጧል። አብዛኛውን ጊዜ ውጤቱ 1 «አዎ»፣ 2 «አይደለም» ተብሎ ተሞልቷል። ኤስፒኤስኤስ ትልቁን ቁጥር እንደ ክስተት ስለሚወስድ የተነበየው መደበኛ ክብደትን ነው። `Dependent Variable Encoding` የሚለውን ሠንጠረዥ አይታችሁ አረጋግጡ፤ ውጤቱን 0 እና 1 አድርጉና እንደገና አሠሩት። 0.22ን ከ1 ቀንሶ 0.78 ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ኦድስ ሬሾዎቹም የተገለበጡ ናቸውና።

ምልክት፦ ኩርባው አንድ ጊዜ ብቻ ታጥፎ ስፋቱ 0.54 አካባቢ ሆነ

በ`PRE_1` ፋንታ `PGR_1` ገብቷል። እሱ መቁረጫው ሳይወርድ በ0.5 ተቆርጦ 0 እና 1 የሆነው ፍርድ ነው፤ ስፋቱም የሴንሲቲቪቲና የስፔሲፊሲቲ አማካይ ብቻ ይሆናል፦ (8.3 + 98.9) ÷ 2 = 53.6። ተለዋዋጩን ቀይሩ፣ አለቀ።

ምልክት፦ ደሴ ላይ 0.78፣ ኮምቦልቻ ላይ ዝቅ ያለ

ይህ የኮምፒውተር ስህተት ላይሆን ይችላል። ሞዴሉ በተሠራበት ዳታ ላይ ራሱን ሲለካ ስፋቱ ከፍ ይላል፤ ተለዋዋጩ በዝቶ ክስተቱ ሲያንስ ደግሞ ይብስበታል። 48 ክስተት ይዞ 15 ተለዋዋጭ የሚያስገባ ሰው ይህን መጠበቅ አለበት። ኮምቦልቻ ላይ ስትሞክሩ የደሴውን ኮፊሸንት እንዳለ ተጠቅማችሁ ግምቱን አስሉ፤ እዚያ አዲስ ሪግሬሽን ከሠራችሁ ፈተናው ቀርቶ ሌላ ሞዴል ሆነ። የችግሩ ድርሻም እዚያ የተለየ ከሆነ 0.12ን እንዳለ አትውሰዱ።