ማጠቃለያውን ከገጹ ምስል ጋር በሁለት አቅጣጫ አመሳክሩ

የተቃኘ ውል አንብባችሁ የማጠቃለያ ሠንጠረዥ ከሞላችሁ በኋላ መጀመሪያ ከሠንጠረዡ ተነሡ። ለእያንዳንዱ ስም፣ ቀንና የገንዘብ መጠን በምስሉ ላይ ያለበትን ቦታ ፈልጉና የገጹን ቁጥር አጠገቡ ጻፉ። ቦታ ያልተገኘለት ይሰረዝ። እኔ በአንድ የቤት ሽያጭ ውል ላይ ሦስት ምስክሮች ብዬ መዝግቤ ነበር፤ ምስሉ ላይ ግን የፈረሙት ሁለት ናቸው። ሦስተኛውን ያመጣው የሠንጠረዡ ባዶ መስመር ነው፤ ባዶ ቦታ ሙሉኝ ሙሉኝ ይላል።

ቀጥሎ ሠንጠረዡን ሸፍናችሁ ምስሉን ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው አንብቡ። የሚዘለለው ብዙውን ጊዜ በኅዳግ በእጅ የተጨመረ ቃል፣ ማኅተም ውስጥ ያለ ቀን ወይም የገጹ ጀርባ ነው። ዓመቱ በግዕዝ አኃዝ ከተጻፈ ምስሉን አጉሉት፤ ፮ እና ፯ በደበዘዘ ቀለም ይምታታሉ። አሁንም ካልተለየ «አይነበብም» ብላችሁ መዝግቡ።