«ቡና ካንሰር ያመጣል» ከማለት በፊት፦ በርዕስ አወጣጥ ላይ የሚፈጸሙ ስድስት ስህተቶች

ሰኔ 8 ቀን 2008 ዓ.ም. በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አንድ መግለጫ አወጣ። 23 ሳይንቲስቶች ከአንድ ሺህ በላይ ጥናቶችን መርምረው ሁለት ነገር ተናገሩ። የመጀመሪያው ስለ ቡና ነው። ቡና እ.ኤ.አ. በ1991 ካንሰር «ሊያመጣ ይችላል» ከሚባሉት ጋር ተመድቦ ነበር። አሁን ግን ያመጣል ወይም አያመጣም ለማለት ማስረጃው በቂ አይደለም ተብሎ ከዚያ ምድብ ወጣ። ሁለተኛው ስለ ሙቀት ነው። ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ የሚጠጣ ማንኛውም መጠጥ የምግብ ቧንቧ ካንሰር «ሳያመጣ አይቀርም» ከሚባሉት ተርታ ገባ።

ስለ ርዕስ አወጣጥ ለጀማሪ ጸሐፊዎች ሳስረዳ ይህን መግለጫ ደጋግሜ አነሳዋለሁ። ሁላችንም የምናውቀው ቡና አለበት፣ የሚያስፈራ በሽታ አለበት፣ ቁጥርም አለበት። አንባቢን በሐቅ የሚስብ ርዕስ ለማውጣት የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟልቷል፤ ለማሳሳት የሚያስፈልገውም እንዲሁ። ስህተቶቹን በዚሁ አንድ ጉዳይ ላይ እያየን እንሂድ።

አንደኛ፦ ሁኔታውን ጥሎ አስፈሪውን ቃል ማስቀረት

«ትኩስ መጠጥ ካንሰር ያመጣል» የሚለው ርዕስ አጭር ነው፣ ያስደነግጣል፣ ከመግለጫውም የራቀ አይመስልም። የጎደለው ግን ዋናው ነገር ነው። የዜናው ፍሬ ያለው 65 ዲግሪ በሚለው ቁጥር ውስጥ ነው። ቁጥሩ ሲወጣ ለብ ያለ ሻይ የሚጠጣውም ሰው ይደነግጣል፣ የሚያፋጅ ነገር የሚጠጣው ሰው ደግሞ ምን መቀየር እንዳለበት አያውቅም።

ብዙ ጸሐፊዎች ቁጥርና ሁኔታ ርዕስን ያከብደዋል ብለው ይሰጋሉ። እኔ ተቃራኒውን ነው የማምነው። «ከ65 ዲግሪ በላይ» የሚለው ሐረግ ያየው ሰው ወዲያው «የእኔስ ስንት ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከጀበና ወደ ሲኒ እንደወረደ ወዲያው ፉት የሚባል ቡና ከ65 በላይ ሊሆን ይችላል፣ ጥቂት ቆይቶ የሚጠጣው ግን ይበርዳል። ጽሑፉ ይህን ካስረዳ፣ ርዕሱም ቁጥሩን ከያዘ፣ አንባቢው በርዕሱ የተገባለትን በትክክል ያገኛል። የማወቅ ጉጉቱን የቀሰቀሰው ቁጥሩ ነው፣ የሚያረካውም እሱው ነው።

ሁለተኛ፦ የማስረጃን ጥንካሬ ከአደጋ መጠን ጋር ማምታታት

የጤና ርዕስ የሚጽፍ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ አለበት። ይኸው ኤጀንሲ ከቡናው መግለጫ ወራት ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት 2008 ዓ.ም.፣ እንደ ቋሊማ ያሉ የተቀነባበሩ የሥጋ ምርቶችን ካንሰር እንደሚያመጡ በተረጋገጠላቸው ምድብ ውስጥ አስገባ። ሲጋራም ያለው በዚያው ምድብ ነው። በማግስቱ በብዙ አገር «ቋሊማ እንደ ሲጋራ ገዳይ ነው» የሚል ዓይነት ርዕስ ተሠራጨ።

ስህተቱ ያለው ምድቡ ምን እንደሚለካ ካለማየት ላይ ነው። ምድቡ የሚናገረው ሳይንቲስቶቹ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆኑ ነው። ነገሩ ምን ያህል ሰው እንደሚጎዳ አይናገርም። ሁለት ነገሮች ጉዳታቸው በእኩል ተረጋግጦ ሳለ የአንዱ ጉዳት ከሌላው በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ኤጀንሲው ራሱ ይህን በጥያቄና መልስ መልክ አብራርቶ ነበር፤ ርዕሱን የጻፉት ግን እስከዚያ አልዘለቁም።

በዚያው መግለጫ ላይ ሌላ ወጥመድም ነበር። በየቀኑ 50 ግራም የተቀነባበረ ሥጋ መመገብ የትልቁ አንጀት ካንሰርን ዕድል በ18 በመቶ ይጨምራል ይላል። «ካንሰርን በ18 በመቶ ይጨምራል» ብቻ ተብሎ ርዕስ ላይ ሲወጣ፣ ከመቶ በላተኛ 18ቱ ይታመማሉ ማለት ይመስላል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ለስሌቱ ያህል ከመቶ ሰው አምስቱ በሽታው ይይዛቸው ነበር ብንል፣ የአምስት 18 በመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ከአምስት ወደ ስድስት ገደማ ከፍ አለ ማለት ነው። ስለዚህ በመቶኛ የሚነገር ጭማሪ ስታዩ «ከስንት ተነሥቶ?» ብላችሁ ጠይቁ። መነሻውን ካላገኛችሁ ቁጥሩን ጽሑፉ ውስጥ ከነማብራሪያው አስቀምጡት እንጂ ርዕስ አታድርጉት።

ሦስተኛ፦ በደግ ዜናም ቢሆን ማጋነን

አንባቢን ላለማስፈራራት ብሎ «ቡና ካንሰር እንደማያመጣ ተረጋገጠ» ብሎ የሚጽፍ አለ። ይህም ሐሰት ነው። መግለጫው ያለው «ማስረጃው አይበቃም» ነው። ስላልተረጋገጠ ነገር «አይደለም ተብሎ ተረጋገጠ» ማለት፣ በአስደሳች ቃል የቀረበ ስለሆነ ብቻ ይቅር አይባልም። አርታዒዎች አስፈሪውን ርዕስ ሲያጣሩ ይህኛውን በቀላሉ ያሳልፉታል፤ ቡና ወዳድ በሆነ አገር ደግሞ ማጋራቱ ይፈጥናል።

አራተኛ፦ ዋናውን ቃል ስልኩ በሚቆርጠው ቦታ ማስቀመጥ

ይህ በተለይ የአማርኛ ጉዳይ ነው፤ ከውጭ በተቀዱ የርዕስ መመሪያዎች ውስጥም አታገኙትም። በአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ይመጣል። አዎንታውም አሉታውም እዚያው ግሡ ላይ ነው። የስልክ ስክሪን፣ የጉግል ውጤት ወይም የዩቲዩብ ዝርዝር ደግሞ ረዥም ርዕስን ከመጨረሻው ይቆርጣል። ዩቲዩብ እስከ 100 ፊደል ድረስ እንድትጽፉ ቢፈቅድም፣ በዝርዝሩ ላይ ሁሉም አይታይም።

ይህን ርዕስ እንይ፦ «ቡና ካንሰር ያመጣል የሚለውን ስጋት የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ እንዳልተገኘ ተገለጸ»። ሲነበብ እስከ መጨረሻው እውነት ነው። ሲቆረጥ ግን እንዲህ ይሆናል፦ «ቡና ካንሰር ያመጣል የሚለውን ስጋት የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ…»። ጸሐፊው አንዲት ውሸት ሳይጽፍ፣ ከፍቶ የማያነበው ሰው ፍጹም ተቃራኒውን ይዞ ይሄዳል። ከፍቶ የማያነበው ደግሞ ብዙ ነው።

መፍትሔው ርዕሱን ለሁለት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች መክፈልና የመጀመሪያው ብቻውን ቢቀር እንኳ እውነት እንዲሆን ማድረግ ነው። «ጥርጣሬው በሙቀቱ ላይ ነው፤ ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ መጠጥ ለምግብ ቧንቧ ካንሰር ሊያጋልጥ ይችላል» ብንል፣ የትም ቢቆረጥ የተሳሳተ ነገር አይናገርም። ከማውጣታችሁ በፊት ርዕሱን ለራሳችሁ ልካችሁ በስልካችሁ ላይ የሚታየውን ክፍል ብቻ አንብቡ። የሚታየው ክፍል ውሸት ከሆነ ርዕሱ ውሸት ነው።

አምስተኛ፦ በ«ተባለ» ስር መደበቅ

«ትኩስ መጠጥ ለካንሰር እንደሚያጋልጥ ተገለጸ»። ማን ገለጸ? የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም፣ በአንድ መንደር የተጠየቁ ጎረቤትም፣ በቲክቶክ ላይ መድኃኒት የሚሸጥ ሰውም «ገለጸ» ይባላል። «ተባለ» እና «ተገለጸ» ለአንባቢ የሚሰጡት ክብደት እንጂ መረጃ አይደለም። የተናገረው አካል የሚታመን ከሆነ ስሙን መጻፍ ርዕሱን ያጠነክረዋል። ስሙን ስትጽፉ ርዕሱ የሚደክም ከሆነ ደግሞ ምንጩ ለዜና እንደማይበቃ ያኔ ታያላችሁ። ቦታ ካነሰ «የዓለም ጤና ድርጅት ተመራማሪዎች» ማለት ይበቃል።

«ቡና ካንሰር ያመጣል?» ብሎ በጥያቄ ምልክት ማምለጥም ከዚሁ ወገን ነው። ለመናገር ማስረጃ የሌለንን ነገር በጥያቄ መልክ ስንጽፈው፣ አንባቢው ጋ የሚደርሰው ጥርጣሬው ነው።

ስድስተኛ፦ ነገሩን ራሱን መሸሸግ፣ ወይም በተቃራኒው ምንም አለማለት

«ይህን መጠጥ በየቀኑ የምትጠጡ ተጠንቀቁ! መጨረሻውን አያምኑም» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2016 እንዲህ ያሉ ርዕሶችን ወደ ታች ዝቅ ሲያደርግ የለያቸው በሁለት ምልክት ነበር፦ ለመረዳት የሚያስፈልገውን መረጃ መደበቅና ማጋነን። መጠጡን መደበቅ የመጀመሪያው ነው። እዚህ ላይ ቀላል መለያ አለ። ርዕሱን ብቻ ያነበበ ሰው ጽሑፉ ስለ ምን እንደሆነ መናገር ካልቻለ፣ ያ ርዕስ ደብቋል።

ክሊክቤይት የሚባለውን እንዲህ ያለ አጓጊ ርዕስ የሚጠሉ ጸሐፊዎች ደግሞ ሸሽተው ሌላ ገደል ይገባሉ። «ስለ ቡናና ጤና አንዳንድ ነጥቦች» ብለው ይጽፋሉ። አያታልልም፣ ግን ምንም ቃል አይገባም። የደከማችሁበትን ጽሑፍ ማንም አይከፍተውም፤ በዚያ ቀን የሚነበበው የአስፈራሪው ይሆናል። ስለዚህ ይህንም ከስህተት እቆጥረዋለሁ።

ለዚህ መግለጫ እኔ የምመርጠው ርዕስ ይህ ነው፦ «ቡና ካንሰር ያመጣል የሚያስብል በቂ ማስረጃ የለም፤ ከ65 ዲግሪ በላይ ትኩስ መጠጥ ግን ያሰጋል፦ የዓለም ጤና ድርጅት ተመራማሪዎች»። ግን በአራተኛው ነጥብ ስንፈትነው ይወድቃል። «ቡና ካንሰር ያመጣል…» ላይ ሊቆረጥ ይችላልና። እናስተካክለው፦ «የሚያሰጋው ሙቀቱ ነው፦ ከ65 ዲግሪ በላይ ስለሚጠጣ ቡናና ሻይ የካንሰር ተመራማሪዎች ያሉት»። አሁን ቁጥሩ አለ፣ ተናጋሪው አለ፣ ቡናውም ተጠቅሷል። ቀጥሎ ጽሑፉን ከፍቼ ሦስት ነገር እፈልጋለሁ፦ 65 ዲግሪ የሚለው የት አንቀጽ ላይ እንደተብራራ፣ ተመራማሪዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ ስለ ቡና ራሱ ምን እንዳሉ። አንዱ ከጎደለ ጽሑፉን አሟላለሁ፤ ማሟላት ካልቻልኩ ርዕሱን አሳጥራለሁ። ማስረጃው በብዛት የመጣው ሻይና ማቴ የሚባለው የቅጠል መጠጥ እጅግ ትኩስ ሆነው ከሚጠጡባቸው እንደ ቻይና፣ ኢራን፣ ቱርክና ደቡብ አሜሪካ ካሉ ቦታዎች መሆኑንም በጽሑፉ መግቢያ አካባቢ አስቀምጣለሁ። አለዚያ አንባቢው ጥናቱ በእኛ ሲኒ ላይ የተሠራ ይመስለዋል።

ርዕሱ ከወጣ በኋላ ስህተት ብታገኙበት ድረ ገጹ ላይ ማረም ብቻውን አይበቃም። ሊንኩ ለሌላ ሰው ሲላክ የሚታየው ርዕስ ብዙውን ጊዜ `og:title` ከሚባለው የገጹ መለያ የሚወሰድ ነው፤ እሱን ሳትቀይሩ ከላይ ያለውን ብቻ ብታርሙ አሮጌው መዞሩን ይቀጥላል። ቀይራችሁትም ቢሆን ፌስቡክና ቴሌግራም የቀድሞውን አስቀምጠውት ሊሆን ይችላል። ለፌስቡክ Sharing Debugger በሚባለው የራሱ መሣሪያ ላይ ሊንኩን አስገብታችሁ Scrape Again የሚለውን ተጫኑ፤ ለቴሌግራም ሊንኩን ወደ @WebpageBot ላኩት። ከዚያ ጽሑፉ መጀመሪያ ላይ ርዕሱ ምን ይል እንደነበርና ለምን እንደተቀየረ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ፤ የቀድሞውን አንብቦ ለእናቱ የላከ ሰው ተመልሶ ሲመጣ እንዲያየው።